«ለምን እኔን?» የሚለው አቤቱታችሁ ላይ ይታይ

ብዙ ሰው በሥራ ቦታ ስለደረሰበት አድልዎ አቤቱታ ሲጽፍ «አለቃዬ ይሰድበኛል፣ ያዋርደኛል» ብሎ ያቆማል። ተቀባዩም የጸባይ አለመግባባት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አድልዎነቱ የሚታየው ድርጊቱ ከብሔራችሁ፣ ከሃይማኖታችሁ ወይም ከአካል ጉዳታችሁ ጋር ሲያያዝ ነው። ማያያዣውን እናንተው ጻፉት።

የመስማት ጉዳት ያለበትን ሠራተኛ እንውሰድ። «ስብሰባ ላይ ተሳለቀብኝ» ከሚል፣ ቀኑን አስቀምጦ እንዲህ ይበል፦

«አለቃዬን ድገምልኝ ስለው ‹ለደንቆሮ ስንቴ ይነገራል?› አለኝ። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ባልደረቦቼ ሰምተዋል። እዚያው ስብሰባ ላይ፣ የመስማት ጉዳት የሌለበት ሌላ ሠራተኛ ድገምልኝ ሲለው ግን ምንም ሳይል ደገመለት። የተፈጸመብኝ በአካል ጉዳቴ ምክንያት የደረሰ አድልዎ ነው።»

ስድቡን አታለዝቡት። ነውር ነው ብላችሁ «መጥፎ ቃል ተናገረኝ» ካላችሁ ዋናው ማስረጃ ቀረ ማለት ነው። (ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።)

ብሔር ወይም ሃይማኖት በስም ካልተነሳስ? ያኔ ክብደቱ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ሌላው ምን ተደረገለት፣ እናንተስ? «ዘሬን ስለሚጠላ ነው» የሚለው ግን ግምት ነው፤ ያያችሁትንና የሰማችሁትን አስቀድሙ።