ለባልደረቦች የካርታ ምሽት የግብዣ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? ከኮንከር ደንብ እስከ ቆሎው

ኮንከር እንችላለን የሚሉ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ሲከቡ፣ ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ኮንከር ይዘው ነው የሚቀመጡት። አንዱ የለመደው ጆከር እንደልብ የሚገባበትን ነው፣ ሌላው ጆከር የተገደበበትን። አንዱ መቶ የሞላ ይወጣል ብሎ ያምናል፣ ሌላው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ይህ ልዩነት የሚወጣው ደግሞ ሰው ዘግቶ ካርታውን ሲዘረጋ ነው፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ጨዋታውን ይበላዋል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ምሽት ካርታ ለመጫወት ባልደረቦቹን የሚጠራ ሰው፣ ደብዳቤው ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ጽፎ መላክ አለበት። ከአንድ ገጽ ግን አይለፍ፤ ሁለት ገጽ ከሆነ ደንቡን የሚያነበው የጻፈው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚጻፈው የገንዘቡ ነገር ነው። ካርታ ሲባል ቁማር ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ሰው ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ አይታገስም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ገንዘብ የለበትም» ይባል። እሱ ብቻ ግን አይበቃም። «የተሸነፈ ይጋብዝ» የሚለው ልማድም መያዣ ነው፤ ዘበኛውና የክፍል ኃላፊው አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ፣ የአራት ሰው ቢራ ለአንዱ ምንም ነው፣ ለሌላው የሳምንት የታክሲ ገንዘብ። ስለዚህ መጋበዙም በስሙ ተጠርቶ ይከልከል።

ደብዳቤውን የሚፈርመውም ማን እንደሆነ ይታሰብበት። ኃላፊው ከፈረመው ግብዣ መሆኑ ቀርቶ ስብሰባ ይመስላል። ተራ ባልደረባ ይፈርመው፣ ኃላፊው እንደማንም ሰው ይጠራ።

ቀን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ» ብሎ በማለፍ ነው። በየትኛው ወር? በ2018 ዓ.ም. የጥቅምት የመጨረሻው ሐሙስ ጥቅምት 27 ነው። በፈረንጆቹ የሚቆጥር ባልደረባ ግን የኦክቶበር የመጨረሻው ሐሙስ ብሎ ጥቅምት 20 ይመጣና በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ቀኑን ከነቁጥሩ ጻፉት። ሐሙስን የምንመርጠው ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ ነው፤ በረጅሞቹ አጽዋማት ግን ሐሙስም ስለማያመልጥ ምግቡን ዓመቱን ሙሉ የጾም ማድረግ ይቀላል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሚጀመርበትን ሰዓት ከአፍጥር በኋላ አድርጉት፣ ወይም ያን ወር ዝለሉት።

የሚያልቅበት ሰዓትም ይጻፍ። ለአራት ሰው አንድ ዙር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስድስት ዙር ማለት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቡናው ሲጨመር 11:30 የተጀመረው ምሽቱ 2:30 ላይ ያልቃል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ይህን ሳያውቅ አይመጣም፤ ቢመጣም ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።

የሚከተለው እንዳለ ተወስዶ ስሙ፣ ቀኑና ቦታው ብቻ የሚቀየር ደብዳቤ ነው።

ለክፍላችን ባልደረቦች በሙሉ

ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ከ11:30 እስከ ምሽቱ 2:30 በሠራተኞች መዝናኛ ክፍል ኮንከር እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፤ የተሸነፈም አይጋብዝም፣ አይከፍልም። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ሐሙስ እንገናኛለን፤ ቀኑን ከሳምንት በፊት እናሳውቃለን። የማይችል ይምጣ፣ የመጀመሪያውን ዙር ካርታ ገልጠን እናሳየዋለን።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። በአንድ ጠረጴዛ አራት ሰው፣ ሁለት ካርታ ከአራት ጆከር ጋር። ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል፤ ጀማሪው 14 ይወስድና አንድ በመጣል ይጀምራል። ተራው የደረሰ ከክምሩ ወይም በመጨረሻ ከተጣለው አንድ ያነሣል፣ አንድ ይጥላል። ዓላማው 13ቱንም ማያያዝ ነው፦ ወይ ሦስት ወይም አራት አንድ ዓይነት ቁጥር በተለያየ ምልክት፣ ወይ በአንድ ምልክት ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ። ኤስ ከሁለት በታችም ከኬ በላይም ይሆናል፤ ኬ፣ ኤስ፣ ሁለት ተብሎ ግን አይዞርም። ጆከር የማንኛውንም ካርታ ቦታ ይይዛል፤ በአንድ ስብስብ ግን ከአንድ በላይ አይገባም። 13ቱ የተያያዘለት 14ኛውን ገልብጦ ይጥልና ይዘጋል። ተሳስቶ የዘጋ 50 ይጻፍበታል፣ የሌሎቹ ዜሮ ሆኖ ዙሩ ይቋረጣል።

ነጥቡ ቅጣት ነው፤ ያነሰው ያሸንፋል። የዘጋው ዜሮ ያገኛል። ሌላው በእጁ ሳይያያዝ የቀረውን ይቆጥራል፦ ቁጥሮች በቁጥራቸው፣ ጄ፣ ኪው፣ ኬ እና ኤስ 10፣ ጆከር 25። በአንድ ዙር ከ50 በላይ አይጻፍም። ስድስት ዙር እንጫወታለን፤ መሀል ላይ ማንም አይወጣም።

ቆሎ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ቡናና ሻይ አለ፤ ሁሉም የጾም ነው። የማይስማማችሁ ነገር ካለ ንገሩን።

ለመምጣት ያሰባችሁ እስከ ማክሰኞ ማታ አሳውቁን፣ ጠረጴዛና ካርታ የምናዘጋጀው በቁጥራችሁ ነው። መምጣት የማይመቻችሁ ምክንያት መስጠት አያስፈልጋችሁም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ አለቀ። ከደንቦቹ ሁለቱ አከራካሪ ስለሆኑ ለምን እንደተመረጡ ማወቅ ይጠቅማል። «መሀል ላይ ማንም አይወጣም» የተባለው፣ ነጥብ የሞላበት ሰው የሚወጣበት አጨዋወት ለመሥሪያ ቤት ስለማይመች ነው። ሁለት ዙር የከፋበት ሰው 12:30 ላይ ወጥቶ ሁለት ሰዓት የሌላውን ካርታ ሲያይ ያመሻል። በሚቀጥለው ወር አይመጣም፤ ቢጠየቅም «ሥራ በዛብኝ» ነው የሚለው። የዙሩ ብዛት ከተወሰነ ግን ሁሉም እኩል ተቀምጦ እኩል ይነሣል፣ ሁለት ጠረጴዛዎችም በተቀራራቢ ሰዓት ይጨርሳሉ።

የ50 ጣሪያውን በምሳሌ እንየው። በመጀመሪያው ዙር ተጫዋች ለ ዘጋ እንበል። ሀ በእጁ ያልተያያዙ 9፣ 4 እና ጄ ቀርተውታል፤ 23 ይጻፍበታል። ሐ ሁለት ስድስትና አንድ ጆከር ይዟል። ልብ በሉ፣ ይህ ሦስት ስድስት ስለሆነ የተያያዘ ነው፣ ዜሮ ይጻፍለት የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው፣ ስድስቶቹ የተለያየ ምልክት ካላቸው። ሁለቱም ልብ ከሆኑ ግን አይያያዙም፣ 12 እና 25 ተደምሮ 37 ይሆንበታል። ሁለት ካርታ ሲደባለቅ ይህ በየምሽቱ ያጋጥማል፤ ነጥብ ጸሐፊው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ይይ። መ ምንም ሳይያያዝለት 86 ይዞ ቀረ፤ 50 ይጻፍበታል።

ከስድስት ዙር በኋላ ሐ 118፣ ለ 122፣ ሀ 134፣ መ 160 ሆኑ። ጣሪያው ባይኖር መ 196 ላይ ይደርስ ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ዙር ተስፋ ቆርጦ የቀረውን አምስት ዙር በግዴለሽነት ካርታ እየጣለ ለጎረቤቱ ባመቻቸለት። የሚያበላሽ ካርታ የሚጥል ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጠረጴዛውን ሁሉ ጨዋታ ነው የሚያጠፋው።

ወር ከወር ማወዳደር ከፈለጋችሁ የቅጣት ነጥቡን አትደምሩ፤ የቀረ ሰው ምንም ስለማይጻፍበት አንደኛ ይሆናል። ለደረጃ ነጥብ ስጡ፦ ለአንደኛ 4፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 2፣ ለአራተኛ 1። በዓመቱ መጨረሻ የእያንዳንዱ ሰው ምርጥ ስድስት ምሽቶች ይቆጠሩ። አማካይ ይወሰድ የሚል ይመጣል፤ አትስሙት። በአማካይ ከሆነ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ካርታውን በተመለከተ፣ ለአንድ ጠረጴዛ የሚቀላቀሉት ሁለቱ ካርታዎች ጀርባቸው አንድ ይሁን። አንዱ ቀይ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ፣ የሚነሣው ካርታ ከየትኛው እንደሆነ ሳይገለበጥ ይታወቃል። ተጫዋቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ካርታውን ቁጠሩት፦ እያንዳንዱ 54፣ ሁለቱ 108። ለአራት ሰው ታድሎ ክምሩ ላይ 55 መቅረት አለበት። ክምሩ ካለቀ ከተጣሉት የላይኛው ብቻ ይቀመጥና ሌላው ተበውዞ እንደገና ክምር ይሆናል። ፕላስቲክ ካርታ ከተገኘ ይሻላል፤ ወረቀቱ በሁለተኛው ወር ጠርዙ ይታጠፍና ጆከሩ ከጀርባው ይለያል።

የካርታ ትልቁ ጠላት ግን ቅባት ነው። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ ሲጫወቱም ይበላል፤ ለስምንት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ በሁለት ሳህን ለሁለቱ ጠረጴዛ። ሱፍና ኑግ ቅቤ ሳይነካው ቢጨመርበት ደስ ይላል፣ ጨው ግን አይብዛበት፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ፈንዲሻ በዘይት ከተነከረ አይቅረብ። ሳምቡሳውን ጠረጴዛው ላይ ፈጽሞ አታስቀምጡት። ለሰው ሁለት ሁለት ታስቦ አራት ይጨመርና ሃያ ይዘጋጅ፤ ሌላ ቦታ ከናፕኪን ጋር ተቀምጦ በእረፍት ይበላ።

እረፍቱን ቡናው ይወስነው። ቡናው የሚቆላው የመጀመሪያው ዙር ሲታደል ነው፤ ሁለት ዙር እስኪያልቅ አቦል ይደርሳል። ከአራተኛው በኋላ ቶና፣ ነጥቡ ሲደመር በረካ። ለስምንት ሰው ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና ተርፎም ለሚቀጥለው ወር ይቀመጣል። ማታ ቡና እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ስለማይጠፋ ሻይ በፔርሙስ ይኑር። ሲኒ ካርታው አጠገብ አይቀመጥ፤ ከወንበሩ ጎን ለጎን ትንሽ በርጩማ ይበቃዋል።

ዘጠነኛ ሰው ሳይናገር ቢመጣ አንዱን ጠረጴዛ አምስት አድርጉት፤ ክምሩ 42 ስለሚቀር ጨዋታው አይጎዳም፣ አምስተኛ የወጣው ዜሮ ደረጃ ነጥብ ይያዝለት። አስር ቢሆኑ አምስት አምስት። ከምሽቱ 2:10 በኋላ ግን አዲስ ዙር አይታደል፤ አንዱ ጠረጴዛ አምስት ዙር ላይ ከቀረ የሌላውም ስድስተኛ አይቆጠር። የነጥቡን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት፤ የኅዳሩ ደብዳቤ ሲላክ ከሥሩ ይያያዛል።