ታካሚው «አጠፋዋለሁ» ሲል፦ የሚስጥር ጥበቃ ኬዝን በሥልጠና ላይ እንዴት መምራት ይቻላል?

ታካሚ ሌላ ሰው ለመጉዳት ማሰቡን የሚናገርበትን ኬዝ ለሠልጣኞች ስታቀርቡ ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ለፖሊስ ይነገር» ይላል። ግማሹ «የታካሚ ሚስጥር አይወጣም» ይላል። ሰዓቱ በክርክር ያልቃል። ታካሚውን ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም። ደጋግሜ ያየሁት ችግር ይሄ ስለሆነ፣ ከታች ያለው አካሄድ በአብዛኛው የሚያተኩረው ጥያቄው ላይ ነው።

1. ኬዙን በሁለት ወረቀት ጻፉ

ለሁሉም የሚታደለው ወረቀት ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ነው። አንድ የ38 ዓመት ነጋዴ እንቅልፍ አጥቶ ለሕክምና ይመጣል። በሦስተኛው ቀጠሮ ሸሪኩ ገንዘቡን እንደካደው ይናገራል። ከዚያ «እሱን ከምድር ላይ ሳላጠፋው እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል። ወረቀቱ እዚህ ላይ ያቆማል።

ሁለተኛውን ወረቀት ታካሚውን ለሚጫወተው ሰው ብቻ ስጡት። ሸሪኩ ጠዋት ስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጣ ያውቃል። ሁለት ቀን በሩ አካባቢ ቆሞ ጠብቆታል። ቤቱ ሽጉጥ አለ። ሰሞኑን በየማታው ይጠጣል። ከዚያ «ካልተጠየቅህ አትናገር፤ በቀጥታ ከጠየቁህ ግን አትዋሽ» በሉት። የኬዙ ጥቅም ያለው እዚህች ትእዛዝ ላይ ነው።

የራሳችሁን ታካሚ ታሪክ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ አታምጡ። ሥራው፣ ዕድሜውና የጠቡ ምክንያት ከተነገረ የሚያውቀው ሰው ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

2. ሦስት ሦስት አድርጋችሁ አስቀምጧቸው

አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ታካሚ፣ አንዱ ታዛቢ። ታዛቢው የተጠየቁትን ጥያቄዎች ብቻ ይጽፋል፤ አስተያየት አይሰጥም።

3. ጥያቄውን አስጠይቁ

ብዙ ጊዜ የምትወስዱት እዚህ ነው። አብዛኛው ሠልጣኝ «አጠፋዋለሁ» የሚለውን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውን ለመሸፈንም ወደ ማጽናናት ይሮጣል። «አይዞዎት፣ ተናደው ነው እንጂ እርስዎ እንዲህ አያደርጉም» ይላል። ይህ በር ይዘጋል። ታካሚው ባለሙያው መስማት እንደማይፈልግ ገብቶታል፤ የቀረውን ይውጠዋል። ሌላው ደግሞ ወዲያው «ይህን ለፖሊስ መናገር አለብኝ» ይላል። ያም በር ይዘጋል።

ጥያቄው በእርጋታ ግን ሳይሸፋፈን ይጠየቅ። «አጠፋዋለሁ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ሊገድሉት እያሰቡ ነው?» ስለ መግደል መጠየቅ ሐሳቡን በታካሚው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። አብዛኛው ሰው እንዲያውም በግልጽ ሲጠየቅ ይቀለዋል። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፦ እንዴት አድርጎ አስቧል? መቼ? ሸሪኩ የት እንደሚገኝ ያውቃል? መሣሪያ አለው? ከዚህ በፊት ሰው መትቶ ያውቃል? ይጠጣል? እስካሁን ምን ከለከለው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አብዛኛው ሠልጣኝ ይረሳታል። ታካሚው «ልጆቼ» ካለ ከዚያ በኋላ ያለውን ውይይት የምትይዙበት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

አንድ ከባድ ቅጽበትም ጨምሩ። ታካሚው በመሀል «ልንገርዎት፣ ግን ለማንም እንዳይናገሩ» ይበል። እሺ ብሎ ቃል የሚገባ ሠልጣኝ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያደርግ ወይ ቃሉን ያፈርሳል፣ ወይ ሰው ለአደጋ ያጋልጣል። መልሱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «የሚነግሩኝን በሚስጥር እይዛለሁ። የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ያኔም ቢሆን አስቀድሜ ለእርስዎ ልነግርዎት እሞክራለሁ።» ይህ መነገር የነበረበት በመጀመሪያው ቀጠሮ ነው፤ ያልተነገረ ከሆነ ግን አሁንም አልረፈደም።

ሲጨርሱ የታዛቢውን ወረቀት አስነብቡ። ሽጉጡን ሳያውቁ ውሳኔ ላይ የደረሱ ቡድኖች ሁልጊዜ ይኖራሉ። እነሱን መውቀስ አያስፈልግም። ያልጠየቁት ጥያቄ ምን እንደነበረ ብቻ አሳዩአቸው።

4. የታራሶፍን ጉዳይ እዚህ ላይ ንገሩ

መጀመሪያ ላይ ከነገራችሁት ሁሉም «ማስጠንቀቅ ነው» ብሎ ይደመድማል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮሰንጂት ፖዳር የተባለ ተማሪ አንዲት ወጣት ለመግደል ማሰቡን ለሥነ ልቦና ባለሙያው ነገረ። ባለሙያው ዝም አላለም፤ ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊሶቹ ተማሪውን አነጋገሩት፤ አእምሮው የተረጋጋ መስሏቸውም ለቀቁት። እሱም ወደ ሕክምናው አልተመለሰም። ለታቲያና ታራሶፍም ሆነ ለወላጆቿ የነገራቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ገደላት።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጠው ውሳኔ ባለሙያው አደጋ የተጋረጠበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት አለ። ማስጠንቀቅ ይህን ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ሠልጣኞች ሁለት ነገር እንዲያዩ አድርጉ፦ ፖሊስ ጋ መደወል በራሱ ሰውን አላዳነም፤ ታካሚውን ከሕክምና ማራቅም አደጋውን አልቀነሰም።

ውሳኔው የካሊፎርኒያ ነው። አንዳንዱ ሕግ ማሳወቅን ያስገድዳል፤ አንዳንዱ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ስለዚህ የምትሠሩበትን አገር ሕግና የተቋማችሁን መመሪያ አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ከትዝታ አትጥቀሱ።

5. ወደ ውሳኔው ግቡ

ጥያቄውን «እንናገር ወይስ አንናገር» አታድርጉት። «ሸሪኩ ዛሬ ማታ ደህና እንዲያድር ምን እናድርግ?» በሏቸው። ያኔ ሌሎች አማራጮች ይወጣሉ። ታካሚው ፈቅዶ ወንድሙ ሽጉጡን ሊወስድ ይችላል። ቀጠሮው በሳምንት ሳይሆን በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል መተኛት ሊያስፈልገው ይችላል። ከሱፐርቫይዘር ጋር መማከር ግን አማራጭ አይደለም፤ የግድ ነው። በዚህ ኬዝ ዕቅድ፣ መሣሪያና ሸሪኩን መከታተል ተሟልተዋል። ታካሚው ሁሉንም እምቢ ካለ እኔ ያለ ፈቃዱ ማሳወቅን እመርጣለሁ።

6. ስልኩን በተግባር አስደውሉ

ሠልጣኙ ቆሞ ይደውል፤ አንዱ ፖሊስ ሆኖ ይመልስ። መነገር ያለበት ጥቂት ነው፦ ማን፣ ማንን፣ በምን፣ መቼ ሊጎዳ እንዳሰበ፣ የት እንደሚገኝ። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለሚወስደው መድኃኒት አይነገርም። ፖሊስ የሚጫወተው ሰው «ዕብድ ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙዎች እዚህ ላይ ምርመራውን በሙሉ ያፈሱታል። «አሁን የሚያስፈልግዎት መሣሪያው ያለበት ቦታ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል። ከስልኩ በኋላ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ሸሪኩ ጋ መድረሱን መልሶ ያጣራ።

7. ሽጉጡን አውጥታችሁ ድገሙት

አሁን ታካሚው መሣሪያ የለውም፤ ዕቅድም የለውም፤ «ሲያናድደኝ አስባለሁ፣ ግን አላደርገውም» ይላል። ሁለተኛው ዙር አጭር ነው። ሠልጣኞች ሞቅ ስላላቸው እንደገና መደወል ይፈልጋሉ። እዚህ ግን ሚስጥሩ አይወጣም፤ የቁጣ ሐሳብ ራሱ የሕክምናው ሥራ ነው።

8. ማስታወሻ አስጽፉ

ለሁለቱም ዙር በታካሚው ካርድ ላይ የሚገባውን ያስፍሩ፦ የታካሚው ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ፣ ሰዓቱ፣ ማንን እንዳማከሩ፣ ምን እንደወሰኑና ለምን። «ታካሚው አደገኛ ነው» ብሎ የጻፈ ካለ አሰርዙትና «ሽጉጥ እንዳለውና ሸሪኩን ሁለት ቀን እንደጠበቀ ተናግሯል» ብሎ እንዲጽፍ አድርጉ። በሁለተኛው ዙር ያልደወሉበትንም ምክንያት ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ያ መስመር ነው።