የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ የምናበላሻቸው ነገሮች

አንድ ሰው የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ «ጽሑፉ ያምራል» የሚል ነው። መዝገቡን ይሰጡታል፣ በቃ። እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየው የለም። እሱም የቀድሞውን ጸሐፊ ገጾች ገልጦ ያንኑ ይደግማል፤ ስህተቱንም አብሮ ይወርሳል። አንዳንዴ ጠብ ሲነሣ «እስቲ መዝገቡን እይልን» ተብዬ እጠራለሁ። ጠቡ የተነሣው ከስብሰባው ሳይሆን ከአጻጻፉ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ቀን፣ ስለ ቁጥርና ስለ መክፈቻው ጸሎት አላወራም፤ እሱን ሁሉም ይጽፋል።

«ከሰፊ ውይይት በኋላ ተስማምተናል»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከመዝገብ ሁሉ ፍቄ ባጠፋው ደስ ይለኛል። ምን እንደሚያደርስ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ።

ጉባኤው 13 አባላት አሉት። የተገኙት 11 ናቸው። በግንባታ ሒሳብ 600,000 ብር አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈሳል፣ ክረምቱም ደርሷል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ደግሞ ገንዘቡ የተሰበሰበው ለአዳራሽ ነው ይላሉ። ለሁለት ሰዓት ያህል ክርክር ተደረገ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን ይኸው ነው፦

«የጣሪያውና የአዳራሹ ጉዳይ ተነሥቶ ከሰፊ ውይይት በኋላ በአባታችን ሐሳብ ተስማምተን፣ በሚመለከተው ክፍል እንዲፈጸም ተወስኗል።»

ካልተገኙት ሁለት ሰዎች አንዱ የቼክ ፈራሚ ናቸው። ሰኞ የቅድሚያ ክፍያ ቼክ ይዘውላቸው መጡ። መዝገቡን አነበቡና «የትኛው የአባታችን ሐሳብ?» አሉ። ልክ ናቸው። አስተዳዳሪው በዚያ ስብሰባ መጀመሪያ ጣሪያው ይቅደም ብለው ነበር፤ በኋላ ደግሞ ገንዘቡ ለሁለቱም ይከፋፈል አሉ። የተገኙት 11 ሰዎች ሲጠየቁ እንኳ መልሳቸው አንድ አልሆነም። ቼኩ ሳይፈረም ቀረ፣ ዝናቡም ጀመረ፣ ሌላ ስብሰባም ተጠራ።

ያው ስብሰባ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦

«አጀንዳ 2፦ በግንባታ ሒሳብ ያለው 600,000 ብር አጠቃቀም።
የቀረቡ ሐሳቦች፦
ሀ) ጣሪያው ስለሚያፈስና ክረምት ስለደረሰ ገንዘቡ በቅድሚያ ለጥገና ይዋል።
ለ) ገንዘቡ ለአዳራሽ ተብሎ ስለተሰበሰበ ለሌላ ሥራ ከመዋሉ በፊት ምእመናን ይጠየቁ።
ሐ) ገንዘቡ ለሁለቱም ይከፋፈል።
ውሳኔ 2.1፦ ከገንዘቡ እስከ 250,000 ብር ለጣሪያው ጥገና እንዲውል፣ ቀሪው ለአዳራሹ ተይዞ እንዲቆይ በ7 ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።
ውሳኔ 2.2፦ የልማት ክፍል ኃላፊው ከሦስት ባለሙያዎች ዋጋ ሰብስበው እስከ ግንቦት 20 ለጉባኤው ያቅርቡ። ከዚያ በፊት ክፍያ አይፈጸምም።»

ያልተገኘው ሰው አሁን መጠየቅ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ስንት ብር፣ ለምን፣ ማን፣ እስከ መቼ የሚለው ሁሉ አለ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ገና ያልተፈቀደውን ትናገራለች። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው በዚች በኩል ነው፤ አንዱ ሥራው ተፈቅዷል ብሎ ክፍያውም የተፈቀደ ይመስለዋል። «የሚመለከተው ክፍል» የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ማንንም አይመለከትም ማለት ነው።

በግሥ ማዳላት

«መልአከ ሰላም በሰፊው አስረዱ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተወካይ ግን ተከራከረ።» ጸሐፊው ምንም ክፉ ሐሳብ የለውም፤ የለመደውን ነው የጻፈው። ግን «አስረዱ» ሲል እውነቱን ለአንዱ ሰጥቷል። «ተከራከረ» ሲል ሌላውን ረባሽ አድርጓል። በዚያ ላይ አንዱን አንቱ፣ ሌላውን አንተ ብሎታል። ወጣት ቢሆንም በመዝገብ ላይ የጉባኤው አባል ነውና እሱም አንቱ ይባል።

ከዚህ የሚሻለው ስሙን ጨርሶ መተው ነው። ከላይ እንዳሳየሁት «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሎ ሐሳቡን ከነምክንያቱ ማስቀመጥ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ እንደተነሣው ይሁን። ለአንዱ አምስት መስመር፣ ለሌላው ግማሽ መስመር አይሰጥ። «በቁጣ»፣ «ያለ አግባብ»፣ «በቅን ልቦና» የሚሉት ይውጡ። ማን ጠረጴዛ እንደመታ ያልተገኘው ሰው ባያውቅ ምንም አይቀርበትም፤ ደግሞስ መስማቱ መች ይቀርና!

ሚዛኑን መፈተሽ ከፈለጋችሁ ረቂቁን በድምፅ ለተሸነፈው ወገን አንብቡለት። «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» ካለ በቃ። «አይ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» ካለ ሐሳቡን በራሱ ቃል ይንገራችሁና አስተካክሉ።

ሰላም ለመፍጠር ብሎ ልዩነትን መደበቅ

ገለልተኛ መሆን ልዩነቱን ማጥፋት አይደለም። «ልዩነታችን በመዝገብ አይታይ» ብለው 7 ለ3 ያለቀውን «በሙሉ ድምፅ» የሚያስብሉ አሉ። ሦስቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ መዝገቡን አያምኑም። «የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ» ያለ አባል ካለ ስሙና ምክንያቱ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ እሱም ሥሩ ይፈርም። ውሳኔው ግን ውሳኔ ነው፤ የልዩነት ሐሳቡ ከውሳኔው በታች ለብቻው ይቀመጣል እንጂ መሐል አይገባም።

ጥርጣሬን እንደ ፍርድ መጻፍ

የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ጉዳይ ሲነሣ ጸሐፊዎች ይደነግጣሉ። ወይ ምንም አይጽፉም፣ ወይ «ገንዘብ ጠፍቷል ተብሏል» ብለው ያርፉታል። ሁለቱም አይሆንም። የሚታየውን ብቻ ጻፉ፦ «የሚያዝያ ወር የቆጠራ ሰነድና የባንክ ገቢ ደረሰኝ እንደማይመሳሰሉ ተገልጿል። የሒሳብ ክፍሉ ሁለቱን አመሳክሮ በሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተወስኗል።» የሰው ስም አልተነሣም፣ ጉዳዩም አልተድበሰበሰም።

ያልተገኘን ሰው ማስፈረም

በፍጹም አይደረግም፤ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ ከነበረ ጎድሏል። በኋላ ያነበበ ሰው ከፊርማዎቹ ተለይቶ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ከነቀኑ ሊፈርም ይችላል።

ውሳኔውን ቤት ሄዶ ማስታወስ

ሁሉም ከተበተነ በኋላ የሚጻፍ ውሳኔ የጸሐፊው ትዝታ ነው። እያንዳንዱ አጀንዳ ሲያልቅ «አባታችን፣ ውሳኔውን አንዴ ይድገሙልኝ፣ ልጻፈው» በሉ። አትፈሩ፤ ሰብሳቢውም ራሳቸው ሲደግሙት አልጠራ ሊላቸው ይችላል። ከመዝጊያው ጸሎት በፊት ደግሞ ውሳኔዎቹን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እርማት ካለ ያኔውኑ ይደረግ። ስርዝ ድልዝ ካለበት ጎኑ ላይ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ይፈርሙበት፤ በፊርማዎቹና በጽሑፉ መሐል ክፍት መስመር አይተው።

የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ አሁን ተለምዷል። ገጹ እንዳለ ሲላክ ክርክሩም አብሮ ይወጣል፣ ማታውን ግቢው ሁሉ ያወራዋል። ላልተገኙት የውሳኔዎቹን ዝርዝር ብቻ ላኩ፤ ውይይቱን ማየት የፈለገ ጽሕፈት ቤት መጥቶ መዝገቡን ያንብብ።

ዝርዝሩ ውስጥ ውሳኔ ያላገኘውም አጀንዳ ይግባ። «ይታሰብበት» ተብሎ የተተወ ጉዳይ ለቀረው ሰው የተፈቀደም የተከለከለም ሊመስለው ይችላል። «አጀንዳ 4፦ ውሳኔ አልተሰጠበትም፤ ለሰኔ 6 ስብሰባ ተላልፏል» ብላችሁ ጻፉ።