ስሙ የማኅበሩ፣ ድምፁ የሌላ ሰው፦ የአስመሳይ ጥሪ ችግርና መፍትሄ

«የማታውቁትን ቁጥር አታንሱ» የሚለው ምክር ባሕር ዳር ላይ ብዙም አያስኬድም። እንግዳ ወደ ዘጌ የሚያመላልሰው ባለጀልባ፣ ዓሣ ለሆቴል የሚያስረክበው ነጋዴ፣ ሥራ የሚያገኙት ካልመዘገቡት ቁጥር ነው። ስልክ ዘግቶ መቀመጥ ለማይችል ሰው የሚጠቅመው፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ ነው።

ችግር፦ የማውቀው ስም ወጣ፣ የሚያወራኝ ግን ሌላ ነው

አንድ ባለጀልባ እንውሰድ። ማታ ስልኩ ይጠራል። ስክሪኑ «ማኅበር ሂሳብ» ይላል። ራሱ የመዘገበው የባለጀልባዎች ማኅበሩ ቢሮ መደበኛ ስልክ ነው። የደወለው ልጅ ትሁት ነው፣ ግን ይቸኩላል። «ጋሼ፣ የነገዎቹ እንግዶች ቀብድ ልከዋል። አሁን ስድስት አሃዝ በሜሴጅ ይገባልዎታል፣ ያንብቡልኝ።» ሜሴጁ እውነትም ይገባል። የገባው ግን ቀብድ አይደለም። ልጁ በሌላ ስልክ የባለጀልባውን የገንዘብ አካውንት ሊከፍት እየሞከረ ነው፣ የጎደለውም ያ ኮድ ብቻ ነው።

ስሙ ለምን ወጣ? ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያው ከስልኩ ከራሱ ነው። ስሙን ኔትወርኩ አይልከውም። የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙን ከመዝገባችሁ ፈልጎ የሚለጥፈው ስልካችሁ ነው። አንዳንድ ስልኮች፣ በተለይ አሮጌዎቹ አንድሮይዶች፣ ሲፈልጉ ሙሉውን ቁጥር አያወዳድሩም፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት አሃዞች ብቻ ያያሉ። የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ ደግሞ 058 ብሎ ሰባት አሃዝ ነው። ስለዚህ በ011 የሚጀምር ወይም ከውጭ አገር የመጣ ቁጥር መጨረሻው ከተገጣጠመ፣ ስልኩ ሳያቅማማ «ማኅበር ሂሳብ» ሊል ይችላል።

ሁለተኛው እውነተኛው ማስመሰል ነው። ጥሪ ከድምፁ በፊት አንድ አጭር መልእክት ይልካል፤ የደዋዩ ቁጥር እዚያ ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ቁጥሩን የሚሞላው ጥሪው የተነሳበት ሲስተም ነው። በኢንተርኔት የሚደወልባቸው ሲስተሞች ደግሞ ደንበኛው የፈለገውን ቁጥር እንዲያስገባ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ነገሩ በራሱ ነውር የለበትም። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ከየትም ቢደውል ዋናው ቁጥር እንዲታይለት ይፈልጋል። ችግሩ፣ መነሻው ላይ ያለው ድርጅት ቁጥሩ የደንበኛው መሆኑን ካላጣራ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት እየተቀበሉ ወደፊት ማሳለፋቸው ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዕቃ ሲላክላችሁ ረዳቱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የላኪ ስም አያጣራም፤ አድርሶ ያስረክባል። ይኸም እንደዚያው ነው።

መፍትሄ፦ ስልኩን ዝጉ። ከዚያ የጥሪ መዝገቡን ክፈቱና ስሙን ነክታችሁ ሙሉ ቁጥሩን ከ + ጀምሮ አንብቡ። መጀመሪያው ከ+251 58 ወይም ከ058 ሌላ ነገር ከሆነ፣ የሰባት አሃዙ ጨዋታ ነው። እዚያው ላይ ተጭናችሁ መልሳችሁ አትደውሉ፤ የምታገኙት ያንኑ ልጅ ነው። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ልክ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ገና አልተፈታም። ቢሮውን ከደረሰኝ ወይም ከመታወቂያ ካርዱ ላይ አይታችሁ በእጃችሁ ደውሉ። ማስመሰል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው፦ አስመሳዩ በሰው ቁጥር መደወል ይችላል፣ በዚያ ቁጥር የሚደወልለትን ግን አይቀበልም። «ቆይ እኔ ልደውል» ስትሉ «አይ፣ መስመሩን አይዝጉት» ካለ፣ የሚፈራው ይህንኑ ነው።

መልሶ መደወልም ቢሆን የሚያረጋግጠው መስመሩን አሁን የያዘውን ሰው ነው። የደወላችሁት ለሂሳብ ሠራተኛዋ ሞባይል ከሆነና ሞባይሏ ከተሰረቀ ወይም ሌላ ሰው በስሟ ሲም ካስወጣ፣ ጥሪው ሌባው ጋ ነው የሚገባው። ስለዚህ ኮድና ፒን በየትኛውም ጥሪ፣ ትክክለኛ በሆነውም ጭምር፣ አይነበብም።

ትሩኮለር የሚያወጣው ስምስ? እሱም የሚያየው ያው የመጣውን ቁጥር ነው። ስሙን ደግሞ በአብዛኛው የሰበሰበው ከተጠቃሚዎች ነው። ለስፓም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ለማንነት ግን ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩ ራሱ እንዲረጋገጥ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ጥሪ ላይ ዲጂታል ፊርማ እንዲያኖሩ ተገደዋል፤ አሠራሩ ስቲር/ሼከን ይባላል። ሦስት ደረጃ አለው። ከፍተኛው እንኳ የሚለው «ደንበኛውን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩንም የመጠቀም መብት አለው» ነው። ደዋዩ ሐቀኛ ነው አይልም። በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ያልሄደ ጥሪ ደግሞ መንገድ ላይ ፊርማውን ይጥላል።

ችግር፦ «ደውለህልኝ ነበር» ይሉኛል፣ እኔ ግን አልደወልኩም

ምክንያቱ በአብዛኛው ቁጥራችሁን ሌላ ሰው ለማስመሰያ መዋሱ ነው። ስልካችሁ አልተጠለፈም፤ የተነካም ነገር የለም። በመጀመሪያ የጥሪ መዝገባችሁንና ሂሳባችሁን እዩ። የወጣ ጥሪም የተቆረጠ ሂሳብም ከሌለ፣ ያው ማስመሰል ነው። የሚያጠራጥር ነገር ባይኖርም፣ እግረ መንገዳችሁን ጥሪያችሁ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው እየተላለፈ እንዳይሆን ይህን ደውላችሁ አረጋግጡ፦

```
*#21#
```

የማታውቁት ቁጥር ካወጣ፣ ይኸኛው ማስተላለፉን ሁሉ ያጠፋዋል፦

```
##002#
```

ሲም መቀየር ለዚህ አይረዳም፣ ቁጥሩ ያው ስለሆነ። አስመሳዮች ቁጥር ስለሚያፈራርቁ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቆማል። ካልቆመ ለኦፕሬተራችሁ ስታመለክቱ ጥሪው የደረሰበትን ቀንና ሰዓት እስከ ደቂቃው ስጡ። ጥሪው በየትኛው መስመር እንደገባ የሚፈለገው በሰዓቱ ነው፣ በታየው ቁጥር አይደለም።

ችግር፦ ብሎክ ባደርግም ይደውላሉ

የተቀዳ ድምፅ የሚያሰሙት ሮቦቶች በየጥሪው ቁጥር ይቀይራሉ። አንዱን ብሎክ ብታደርጉ የዘጋችሁት የትናንቱን ነው። ይባስ ብሎ ቁጥሩ የተዋሱት ከሆነ፣ የዘጋችሁት ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው፤ ምናልባትም የነገ ደንበኛችሁን።

ስልኩ ላይ ያሉት መዝጊያዎች ልዩነት አላቸው። በብዙ አንድሮይድ የብሎክ ዝርዝር ውስጥ ያለው «Unknown» የሚዘጋው ቁጥሩን ደብቆ የሚደውለውን ብቻ ነው፤ ያልመዘገባችሁትን ሁሉ አይዘጋም። ለባለጀልባው ይኼ ይበቃዋል፣ ቁጥሩን የሚደብቅ እንግዳ እምብዛም ነውና። የአይፎኑ «Silence Unknown Callers» ግን ያልተመዘገበውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ዝም ያሰኛል። ጡረታ ለወጡ እናት ጥሩ ነው፤ በስልክ ለሚሠራ ሰው ገበያ መዝጋት ነው።

ችግር፦ ዱባይ ያለችው እህቴ ስትደውል በ09 ይወጣል

ይኼ ማስመሰል አይደለም። ቁጥሩ እውነተኛ የአገር ውስጥ ሲም ነው። ርካሽ መስመር የሚሸጡ ሰዎች የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት ያመጡና፣ ብዙ ሲም በተሰካበት ሲም ቦክስ በሚባል መሣሪያ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ያስገቡታል። በስሟ አትመዝግቡት። ነገ በዚያው ሲም የሚደውለው ሌላ ሰው ይሆናል፣ ስክሪኑም «እህቴ» ይላችኋል። ብሎክም አታድርጉት፣ እሷም ልትዘጋ ትችላለች።

ችግር፦ ከማላውቀው አገር አንድ ጊዜ ጠርቶ ይዘጋል

መልሳችሁ እንድትደውሉ ነው። ጥሪው ውድ ወደሆነ ቁጥር ይሄዳል፣ ደዋዮቹም ከሂሳባችሁ ድርሻ ያገኛሉ። ሚስኮሉን ተዉት። በቁም ነገር የሚፈልጋችሁ የውጭ እንግዳ ደግሞ ይደውላል ወይም በዋትስአፕ ይጽፋል።