የግድግዳ ቀለም ናሙናዎችን በፎቶ አወዳድሮ እንዴት መምረጥ እንደሚቻል

ሦስት ዓይነት ግራጫ ናሙና ቀባችሁ እንበል። ጠዋት ፎቶ አነሳችሁ፣ ማታም አምፖል አብርታችሁ ደገማችሁ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስታዩ የማታው አንደኛ ክሬም መስሏል፤ የጠዋቱ ሁለተኛ ደግሞ ከማታው ሦስተኛ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የቱን ትመኑ? ጥፋቱ የቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ስልኩም እጁ አለበት።

የስልክ ካሜራ ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ሁሌ ይጥራል። በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫውን ይቀንሳል፣ ደመናማ ቀን ላይ ደግሞ ሰማያዊውን ያለዝባል። ችግሩ ብርሃኑ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚገምተው ፍሬሙ ውስጥ ካገኘው ነገር መሆኑ ነው። ፎቶው ውስጥ ሰፊ ቤዥ ሰሌዳ ከሞላ፣ ቤዥ የሆነው ብርሃኑ ነው ብሎ ቀለሙን ራሱን ሊያደበዝዘው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ የየራሱ እርማት ተደርጎበት ነው የሚደርሳችሁ። በየራሳቸው መንገድ የታረሙ ሁለት ፎቶዎችን ማወዳደር ደግሞ ዋጋ የለውም። ሥራው ሁሉ ስልኩ በራሱ ግምት እንዳያርም መከልከል፣ ከዚያም በምናውቀው ነገር ራሳችን ማረም ነው።

ናሙናው

ግድግዳው ላይ በቀጥታ አትቀቡ። በስተጀርባው ያለው አሮጌ ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ ናሙናውንም ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ነጭ ወፍራም ካርቶን ወይም ስስ ሰሌዳ ውሰዱ፤ ቢያንስ ኤ4 ወረቀት የሚያክል፣ ቢተልቅ ይመረጣል። ሁለት ጊዜ ቅቡትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ተዉት። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም እርጥብ ሳለ የሚነጣ፣ ሲደርቅ ግን የሚጠቁር ስለሆነ ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ አይጠቅምም። አንጸባራቂውን ከማያንጸባርቀው ጋር አታወዳድሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ። በጀርባው የቀለሙን ኮድ ጻፉ።

በጣት የሚያክሉት የመደብር ካርዶች ለመጀመሪያ ማጣሪያ ካልሆነ አይረቡም። ግድግዳውን በስክሪን ላይ ቀብቶ የሚያሳየውን አፕማ ባትከፍቱት ይሻላል። የክፍላችሁን ብርሃን አያውቀውም።

ስልኩን መቆለፍ

ብዙ ስልኮች ካሜራቸው ውስጥ `Pro` የሚል ክፍል አላቸው። እዚያ ገብታችሁ `WB` የሚለውን የነጭ ማስተካከያ ከአውቶ አውጡና 5000 ኬልቪን ላይ አቁሙት፤ ኬልቪን ብርሃኑ ምን ያህል ቢጫ ወይም ሰማያዊ እንደሆነ የሚለካበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ 5500 ቢሆንም ግድ የለም። ዋናው ነገር ጠዋትም ማታም ያው ቁጥር መሆኑ ነው። ስልካችሁ ይህ ከሌለው ኬልቪን የሚያስቆልፍ ሌላ የካሜራ አፕ ጫኑ። ፍላሽ፣ ኤችዲአር፣ የሌሊት ሞድና ፊልተር ይጥፉ። ማታ ስታነሱ በፎቶው ላይ አግድም ጥቁርና ነጭ መስመሮች ከመጡ የአምፖሉ ብልጭታ ነው፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/50 ወይም 1/60 ዝቅ አድርጉት።

ስልኩን የሚደግፍ ነገር ፈልጉለት። ሁሉንም ፎቶ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ አንሱ።

ነጩ ወረቀት

ሰው ቸል የሚለው፣ ግን ሥራውን ሁሉ የሚሸከመው ይህ ደረጃ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ፣ ከናሙናዎቹ ጎን፣ አንድ ያው ነጭ ወረቀት መኖር አለበት። ግራጫ የካሜራ ካርድ ካገኛችሁ ከወረቀት ይሻላል። ምክንያቱም ተራ የቢሮ ወረቀት ደምቆ እንዲታይ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ፤ በቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ፈቀቅ ይላል። ሆኖም በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉ ናሙናዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ወረቀቱም ይበቃል። ስህተቱ ሁሉም ላይ እኩል ነዋ።

ወረቀቱን ለምን ፈለግነው? ኬልቪኑ ተቆልፎ ማታ የተነሳው ፎቶ በጣም ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ያስደነግጣል። ግን እናንተ ማታ ክፍሉ ውስጥ ስትቀመጡ እንደዚያ አይታያችሁም፤ ዓይን ብርሃኑን ይለምደዋልና። ስለዚህ ፎቶውን በወረቀቱ አማካይነት ማረም አለብን። እንደ ስናፕሲድ ያለ የፎቶ ማስተካከያ ክፈቱ፣ `White Balance` ውስጥ ግቡ፣ የቀለም መምረጫዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፉ። ወረቀቱ ግራጫ ወይም ነጭ ይሆናል፤ ናሙናዎቹም ዓይን ከብርሃኑ ጋር ከተላመደ በኋላ ወደሚያያቸው ይጠጋሉ። የጠዋቱንም የቀትሩንም ፎቶ እንዲሁ አድርጉ።

እዚህ ላይ ብልሃቱ ይወጣል። ብርሃኑ ቢጫ ስለሆነ ብቻ የመጣው ለውጥ በወረቀቱ እርማት ይጠፋል። ከእርማቱ በኋላም ያልጠፋ ለውጥ ካለ የመጣው ከቀለሙና ከአምፖሉ ጠባይ ነው። ግድግዳው ላይም ያገኛችኋል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ለመስኮቱ የቀረበው ናሙና ሁሌ ነጣ ያለ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ የናሙናዎቹን ቦታ አለዋውጣችሁ ወዲያው ድገሙት። ነጣ ማለቱ ከሰሌዳው ጋር አብሮ ከዞረ ቀለሙ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ ብርሃኑ ነው።

መቼ እናንሳ?

ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት የቀን ሰዓት አንድ፣ ፀሐይ የሚገባ ከሆነ ያን ጊዜ አንድ፣ ማታ በአምፖል ብቻ አንድ። መብራትና የቀን ብርሃን የሚቀላቀሉበትን የማምሻ ሰዓት ተዉት፤ ወረቀቱ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ስለሚሆን የሚታረምበት መንገድ የለውም። ናሙናዎቹን መስኮት ፊት ለፊት ባለው ግድግዳም፣ መስኮቱ ራሱ ባለበት ግድግዳም ላይ አቁማችሁ አንሱ። ሁለተኛው የክፍሉ ጨለማ ግድግዳ ነው፤ ቀለም የሚያኮርፈው እዚያ ነው። ወለሉ ላይ ደማቅ ምንጣፍ ካለ እዚያው ተዉት። ቀይ ምንጣፍ የግድግዳውን የታችኛ ክፍል ሮዝ ያደርገዋል፤ ይህም በክፍሉ ውስጥ ያለ እውነት ነው።

ምሳሌውን እንይ

ወደ ሦስቱ ግራጫዎች እንመለስ። ታርመው ያለቁትን ፎቶዎች ቀለምን በቁጥር በሚያሳይ አፕ ከፈትን። እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ሦስቱ እኩል ከሆኑ ጥርት ያለ ግራጫ ነው። በቀኑም በማታውም ፎቶ ወረቀቱ 200፣ 200፣ 200 አካባቢ ነው። ከሰሌዳው መሃል ከተለያየ ቦታ ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ፤ አንድ ነጥብ ብቻውን ያጭበረብራል።

በቀን አንደኛው 168፣ 164፣ 155 ነው። ሁለተኛው 167፣ 164፣ 156። በዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም ሞቅ ያሉ ግራጫ ናቸው። ሦስተኛው 160፣ 163፣ 165፣ ትንሽ ሰማያዊ ያዘለ።

ማታ ግን አንደኛው 170፣ 163፣ 152 ሆነ፤ ቀድሞም ሞቅ ያለ ነበር፣ ትንሽ ጨመረ። ሦስተኛው 161፣ 163፣ 163፤ እንዳለ አለ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ደግሞ 163፣ 166፣ 150። ተመልከቱ፣ ቀን ላይ ቀዩ ከአረንጓዴው ይበልጥ ነበር፤ አሁን አረንጓዴው በልጧል። ግድግዳው ማታ ማታ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል ማለት ነው።

ቀን መንታ የነበሩት ማታ የተለያዩት ለምንድን ነው? አንድን ግራጫ ከተለያዩ ማቅለሚያዎች ቀላቅሎ ማግኘት ይቻላል። የቀን ብርሃን ውስጥ ሁሉም ቀለም ስላለ ሁለቱ ድብልቆች አንድ ይመስላሉ። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን በተለይ ጥልቁ ቀይ ይጎድላቸዋል። በዚያ ቀይ ላይ ተደግፎ ሚዛኑን የጠበቀው ድብልቅ ድጋፉ ሲነሳበት ወደ አረንጓዴ ይወድቃል። ባለሙያዎች ሜታመሪዝም ይሉታል። ከመደብር ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

ሁለተኛው ወጣ። በቀሩት በሁለቱ መካከል የሚወስነው ክፍሉ ውስጥ የምትኖሩበት ሰዓት ነው። ሳሎኑ የሚሞላው ማታ ከሆነ የማታውን ፎቶ እመኑ፣ አንደኛውን ያዙ። ቀን የምትሠሩበት ክፍል ከሆነና ፀሐይ የማይገባው ከሆነ ሦስተኛውን እኔ አልወስድም፤ ከመስኮቱ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን በላዩ ሲደመር ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። ፀሐይ በደንብ የሚገባበት ከሆነ ግን ሦስተኛው ጥሩ ነው። ቁጥሩ የሚያስወጣውን እንጂ የሚወደደውን አይነግርም።

ፎቶዎቹን ለቤት ሰው ልታሳዩ ከሆነ ሁላችሁም በአንድ ስክሪን ላይ እዩ። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀው ቅንብር ይጥፋ። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ሲጨመቅ ስስ ልዩነቶች ይበላሻሉ። አንዱ የጠዋቱን ሌላው የማታውን ፎቶ ይዞ መከራከር ግን ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት ጠብ መጫር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ፎቶ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። አራቱም ግድግዳ ሲቀባ አንዱ በሌላው ላይ ቀለሙን ይመልሳል፤ ስለዚህ ሙሉ ክፍል ከሰሌዳው ጠንከር ብሎ ይታያል። ይህን ለማየት በመረጣችሁት ቀለም ሁለተኛ ሰሌዳ ቅቡና ሁለቱን የክፍሉ ጥግ ላይ፣ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጋችሁ አቁሟቸው። መገጣጠሚያው አካባቢ ቀለሙ የሚጎላውን ያህል ክፍሉም ወደዚያው ያዘነብላል። እዚያ ጋ ከበዛባችሁ አንድ ደረጃ የቀጠነውን ውሰዱ።

አምፖሉንም አትርሱ። ሣጥኑ ላይ የኬልቪን ቁጥርና `CRI` ወይም `Ra` የሚል ቁጥር ይኖራል። 80 የተለመደው ነው፤ 90ና ከዚያ በላይ የሆነው ቀለምን ይበልጥ በትክክል ያሳያል። የምትወዱት ናሙና ማታ ላይ ብቻ ከተበላሸ ቀለሙን ከመጣል በፊት ባለ 90 አምፖል ሰክታችሁ ፎቶውን ድገሙት። ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው። የአምፖሉን ሣጥን ፎቶ ከቀለሙ ኮድ ጋር አስቀምጡ፤ ሲቃጠል ሌላ ዓይነት ከተሰካ ግድግዳው ዳግመኛ ይቀየርባችኋል።