የአማርኛውና የእንግሊዝኛው መስመር ሲተላለፍ፦ የፖድካስት ጽሑፍ ችግርና መፍትሄ

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው፤ የፖድካስት ንግግር ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት የተናጋሪው ስምና ደቂቃው አለ። ድምፁ መጥራቱን፣ ፋይሉ መከፈቱን፣ ቅጂ መያዛችሁን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። የምጽፈው ሥራው አልቆ ሊወጣ ሲል ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

ምልክት፦ ከመሃል ጀምሮ ሁለቱ ቋንቋዎች አይገናኙም

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ልክ ናቸው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ አማርኛው ሲጠይቅ እንግሊዝኛው ይመልሳል። እንግዳው በተናገረው አንጻር የአዘጋጁ ንግግር ይቀመጣል። ከሁለቱ ቋንቋ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምንም አይታወቀውም። እንግዳው ያላለውን እንዳለ አድርጎ ይወስደዋል።

የሁለቱ ፋይሎች መስመር ብዛት እኩል ነው ብላችሁ እንዳትረጋጉ። እዚህ አንድ መስመር ጠፍቶ እዚያ አንድ መስመር ለሁለት ከተቆረጠ ድምሩ እኩል ይመጣል። በመካከል ያለው ሁሉ ግን ተዛንፏል። ብዛት ቆጥረው «ጨርሰናል» ብለው የሚልኩ ሰዎች ሥራ ስንቴ ተመልሶ እንደመጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

የተዛነፈበትን ቦታ ለማግኘት ከላይ እስከ ታች አታንብቡ። በሁለቱም ቋንቋ ሳይለወጥ የሚያልፍ ነገር ፈልጉ፤ የቦታ ስም ወይም ሰዓትና ዓመት ያልሆነ ቁጥር ይበቃል። ፋይሉ 400 መስመር ካለው 200ኛው አካባቢ እዩ። ከተገናኘ ችግሩ ከዚያ በታች ነውና ወደ 300 ሂዱ። 300 ላይ ካልተገናኘ ወደ 250 ተመለሱ። እንዲህ በግማሽ በግማሽ ስትሄዱ ቢበዛ በዘጠኝ ሙከራ ቦታው ላይ ትደርሳላችሁ። ያገኛችሁትን ካስተካከላችሁ በኋላ ግን ከዚያ በታች እንደገና ፈትሹ። አንድ ቦታ የተዛነፈ ፋይል ሌላም ቦታ መዛነፉ የተለመደ ነው።

አንድ ሥራ በዝርዝር ላሳያችሁ። ስለ መንዝ ጓሳ የተሠራ ዝግጅት ነበር። ጓሳ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበት፣ ሲከፈት ደግሞ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨድበት፣ ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። እንግዳው የአካባቢው አዛውንት ናቸው። አዘጋጁ «ያኔ ሽማግሌ ሳይፈቅድ ማንም አያጭድም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው በቃል አልመለሱም። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፣ በቃ። እኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። አማርኛውን የገለበጠችው ልጅ በደንብ ገብቷት «[አዎ]» ብላ ለብቻው መስመር ሰጠችው። እንግሊዝኛውን የሠራው ሰው ድምፅ ስላልሰማ መስመሩን ሰረዘው።

ከዚያ በታች ያለው እንግሊዝኛ ሁሉ በአንድ መስመር ወደ ላይ ወጣ። የከፋው ግን ሌላ ነው። የአዛውንቱ ቀጣይ ንግግር «አሁንማ ጊዜው ተቀይሯል» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛው ይህ ለጥያቄው መልስ ሆኖ ተቀመጠ። አዎ ያሉ ሰው አይደለም ያሉ መሰሉ። እንዲህ ያለው ስህተት ፊደል እንደመሳት አይደለም። የአንድን ትልቅ ሰው ምስክርነት መገልበጥ ነው።

ምክንያቶቹ

የመጀመሪያው ይሄው ነው፦ «እ»፣ «እሺ»፣ «አዎን»፣ የትንፋሽ አዎ እና ሳቅ በአንዱ ቋንቋ ተጽፈው በሌላው ይጣላሉ። መላው ቀላል ነው። ትርጉሙ ከመጀመሩ በፊት ከአማርኛው ላይ ወስኑ። መልስ የሆነው ይቆያል። አዘጋጁ ለማበረታታት ብቻ የሚለው «እሺ፣ እሺ» ይወጣል። ተርጓሚው በራሱ ምንም መስመር አይሰርዝ።

ሁለተኛው የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር መስመር ከቆረጣችሁ የመጀመሪያው መስመር ላይ ማን፣ የት፣ ምን እንደሆነ ይቀመጣል። ምን እንዳደረገ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግሡን ቶሎ ይፈልጋል። ተርጓሚው ግሡን ከታች አምጥቶ ላይኛው መስመር ላይ ይጨርሰዋል፤ ለታችኛው የሚቀረው ነገር የለም። ባዶውን መስመር ያጠፋዋል፣ መዛነፉም ይጀምራል። ከኦሮምኛ ጋር ስታጣምሩ ይህ ችግር ይቀንሳል፤ እሱም ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋልና። ለእንግሊዝኛ ግን መስመሩን በሐሳብ ቁረጡት፣ በትንፋሽ አይደለም። መስመሩ ርዝመቱ 10 ወይም 15 ሰከንድ ቢሆን ምንም አይደል። ሰው ገጽ ላይ የሚያነበው እንጂ ፊልም ሥር የሚሮጥ ጽሑፍ አይደለም።

ሦስተኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» ከማለት ይልቅ ሁለት ነጥቡን ሁለቴ ይመታና «፡፡» ይጽፋል። ለዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው አንድ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ሁለት። ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር የሚከፍል ፕሮግራም «።»ን ብቻ ስለሚያውቅ «፡፡» ያለበትን ሦስትና አራት ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ከላቲን ፊደል ሰሌዳ የሚመጣው «::»ም እንደዚያው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ፈልጎ በሚተካው ትዕዛዝ ሁለቱንም ወደ «።» ቀይሩ። ጥንድ ጥንዱን ብቻ ቀይሩ! ነጠላውን የነካ ሰው የደቂቃ ቁጥሮቹን በሙሉ ያበላሻል።

መፍትሄው

መስመር የጠፋበትን ቦታ እየፈለጉ መጠገን ማለቂያ የለውም። ትርጉሙ ሳይጀመር ለእያንዳንዱ መስመር ቋሚ ቁጥር ስጡ። ጽሑፍን ከሰዓቱ ጋር የሚይዘው የዌብቪቲቲ ፋይል ይህን ይፈቅዳል፤ ከሰዓቱ በላይ ያለው ቁጥር ነው፦

```
WEBVTT

0147
00:21:08.400 --> 00:21:13.900
<v አዘጋጅ>ያኔ ሽማግሌ ሳይፈቅድ ማንም አያጭድም ማለት ነው?

0148
00:21:13.900 --> 00:21:15.200
<v እንግዳ>[አዎ]

0149
00:21:15.200 --> 00:21:18.600
<v እንግዳ>አሁንማ ጊዜው ተቀይሯል።
```

ለተርጓሚው ባዶ ገጽ አትስጡት። ቁጥሩ፣ ተናጋሪውና አማርኛው ያሉበት ሠንጠረዥ ስጡት፤ እሱ የሚሞላው አንዱን ዓምድ ብቻ ነው። ሁለት መስመር ማዋሃድ ካስፈለገው ትርጉሙን በላይኛው ይጻፍና በታችኛው «^» ያድርግ። ስትጨርሱ «^» ያለባቸውን ፈልጉና አማርኛውንም አብራችሁ አዋህዱ። ከሁለቱ መስመሮች የላይኛው መነሻና የታችኛው መድረሻ ሰዓት ይወሰዳል። እንግሊዝኛው የራሱ ሰዓት አይኖረውም፤ በቁጥሩ መሠረት ከአማርኛው ይቀዳል። ሰዓት ከአንድ ቦታ ብቻ ሲመጣ የሚጋጭ ነገር የለም።

ምልክት፦ ጽሑፉ ተገናኝቷል፣ ደቂቃው ግን ከድምፁ ጋር አይገጥምም

ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ መስመር ከድምፁ ጋር አስተያዩ።

ሦስቱም ቦታ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ መግቢያ ሙዚቃ ወይም ማስታወቂያ ተጨምሯል። የተጨመረውን ሰከንድ ለክታችሁ ሁሉንም መስመር በዚያው ልክ ግፉት። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ላይ «Adjust all times» የሚለው ይህንን ይሠራል። መጀመሪያው ልክ ሆኖ ከአንድ ቦታ በኋላ በእኩል ከሳተ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ሳቡት።

ልዩነቱ ቀስ በቀስ እያደገ ከሄደ ጽሑፉ የተሠራበትና የሚወጣው ድምፅ በሁለት መሣሪያ የተቀዱ ናቸው። አንዱ በስልክ፣ አንዱ በመቅረጫ። የሁለት መሣሪያ ሰዓት ፍጹም እኩል አይሮጥም። የሚወጣውን ድምፅ ይዛችሁ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትክክለኛውን ሰዓት ስጡ፤ መሃሉን ፕሮግራሙ ያከፋፍለዋል።

ሰው የሚያናድድ አንድ ዓይነት ችግር አለ። ከመጀመሪያው ዝም ብላችሁ ስታዳምጡ ሁሉም ይገጥማል። ደቂቃውን ነክታችሁ ስትዘሉ ግን ሌላ ቦታ ያወርዳችኋል። ጽሑፉን አትንኩ፣ እሱ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የኤምፒስሪው ነው፤ መጠኑ በየቦታው እንዲለዋወጥ ተደርጎ ተጨምቋል። ማጫወቻው የት እንደሚዘል በግምት ይሄዳል። ዝግጅቱ በረዘመ ቁጥር ግምቱም ይርቃል። ከዋናው ቅጂ በቋሚ መጠን እንደገና አውጡት፦

```
ffmpeg -i guassa.wav -codec:a libmp3lame -b:a 128k guassa.mp3
```

ከዋናው ቅጂ ብያለሁ። የተጨመቀውን መልሶ መጭመቅ ድምፁን ያደበዝዘዋል። ዋናውን ቅጂ ቦታ ያዘ ብለው የሚያጠፉ ሰዎች ነገር መቼም አይገባኝም።

ምልክት፦ አንድ ሰው ሦስት ሆነ

የእንግዳዋ ስም አንድ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላ ቦታ «ጸሐይ»፣ ሌላ ቦታ «ፀሀይ» ተብሎ ከተጻፈ የተናጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ሦስት ሴቶች ይገባሉ። በሥራው ጊዜ ስም አትጻፉ፤ «እ1»፣ «እ2» በሉ። ሲያልቅ ራሳቸው በሚጽፉት ፊደል በአንድ ጊዜ ተኩት። እንዴት እንደሚጽፉት ጠይቁ፣ አትገምቱ።

በእንግሊዝኛው በኩል ደግሞ አርታኢዎች ስም ሲያሳጥሩ ሁለተኛውን ያስቀራሉ። የኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው። የእንግዳው ንግግር በሙሉ በአባታቸው ስም ወጥቶ አይቻለሁ። ለማሳጠር ከሆነ የሚቀረው የመጀመሪያው ስም ነው። ይህን ከፋይሉ ጋር ጽፋችሁ ላኩ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፋይሉ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 አልተመረጠም። ከዋናው እንደገና አስቀምጡ፤ ጥያቄ ምልክት የሆነው አይመለስም።

ጽሑፉ ጭራሽ ካልታየ የሰከንዱን ክፍልፋይ እዩ። ዌብቪቲቲ ነጥብ ይፈልጋል፣ ሌላው የፋይል ዓይነት ኤስአርቲ ደግሞ ኮማ።

እንግዳው «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ሲሉ በእንግሊዝኛው 9 መሆን አለበት፤ «በ1966» ያሉትም ወሩ ታይቶ 1973 ወይም 1974 ይሆናል። ወሩን ካልተናገሩ ሁለቱንም ዓመት በ1973/74 መልክ አስቀምጡ።