የካሩሰል ቁጥሮችን አንብቦ የስላይዶችን ቅደም ተከተልና ጽሑፍ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

እንጀራ ዓይን የማያወጣባቸውን ምክንያቶች የሚያስረዳ ስምንት ስላይድ ያለው ካሩሰል፣ ማለትም በጣት እያንሸራተቱ የሚያዩት ባለብዙ ምስል ፖስት፣ ኢንስታግራም ላይ አውጥቼ ነበር። ለ4,200 ሰዎች ቢደርስም ሴቭ የተደረገው 63 ጊዜ፣ ሼር የተደረገው ደግሞ 21 ጊዜ ብቻ ነው። ያንን ካሩሰል ሁለት ጊዜ አስተካክዬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ማስተካከያ ከንቱ ድካም ነበር።

1. ቁጥሮቹን መመዝገብ። አካውንቱ የባለሙያ ወይም የቢዝነስ መሆን አለበት። ፖስቱ ከወጣ ከሰባት ቀን በኋላ View insights የሚለውን ከፍተው ለስንት ሰው እንደደረሰ፣ ስንት ሴቭና ስንት ሼር እንዳገኘ ይጻፉ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ በየወሩ የሚከፈልበት መተግበሪያ አያስፈልግም።

2. ሴቭና ሼርን ፖስቱ ለደረሳቸው ሰዎች ብዛት ማካፈል። የእኔ ሴቭ 1.5 በመቶ፣ ሼር 0.5 በመቶ ነበር። ሴቭ የሚያደርግ ሰው «ይህን ሊጥ ሳቦካ እመለስበታለሁ» ማለቱ ነው፤ ሼር የሚያደርገው ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ሰው ትዝ ብሎት ነው። ስለዚህ ሴቭ ሲያንስ ልኬትና አሠራር የያዘውን ስላይድ፣ ሼር ሲያንስ የርዕሱን አነጋገር እመረምራለሁ። ላይክን ለዚህ ውሳኔ አልጠቀምበትም፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ምስል ብቻ አይቶ ላይክ አድርጎ ያልፋልና።

3. ተመልካቹ የት እንደቆመ ማግኘት። አስቸጋሪው ይህ ነው፤ በእኔ አካውንት ላይ እያንዳንዱን የካሩሰል ስላይድ ስንት ሰው እንዳየው የሚገልጽ ቁጥር የለም። ስቶሪ ላይ ግን ለየምስሉ ተለይቶ ይቆጠራል። ስለዚህ ስምንቱን ስላይዶች በዚያው ቅደም ተከተል በስቶሪ አወጣኋቸው፤ ያዩዋቸውም ሰዎች በተራ 240፣ 171፣ 160፣ 92፣ 86፣ 82፣ 79 እና 77 ሆኑ።

እያንዳንዱ ቁጥር የሚነጻጸረው ከእሱ በፊት ካለው ቁጥር ጋር ነው። ሁሉንም ከ240 ጋር ካነጻጸርን የኋላ ስላይዶች ሁሉ ደካማ መስለው ይታያሉ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው 29 በመቶ ያህል ቀርቷል፤ መግቢያው ላይ ብዙ ሰው መቅረቱ የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስድስት በመቶ ያህል ብቻ የቀረ ሲሆን፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ግን 68 ሰዎች፣ ማለትም 43 በመቶ ገደማ፣ አልተሻገሩም።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የወረደውን ቁጥር ያየሁት አራተኛው ስላይድ ላይ ስለነበር አራተኛውን እንደገና ጻፍሁ፤ ቀለሙንም ፎቶውንም ለወጥሁ። በስቶሪ ደግሜ ስለካው ምንም አልተሻሻለም፤ ምክንያቱም የቀሩት ሰዎች አራተኛውን ጭራሽ አላዩትም። ለመተው የወሰኑት ሦስተኛው ላይ ሳሉ ነው፤ እሱም ስለ ጤፍ ዓይነቶች የሚያትት ረጅም አንቀጽ ነበር። ጥርጣሬዎን ለማረጋገጥ ቁጥሩ ከመውረዱ በፊት ባለው ምስል ላይ ከስቶሪ የወጡትን የሚቆጥረውን Exited እና ወደ ሌላ ሰው ስቶሪ ያለፉትን የሚቆጥረውን Next story ይመልከቱ፤ የእኔ ሦስተኛ ምስል ላይ ሁለቱ ተደምረው ከጠፉት 68 ሰዎች ጋር የሚቀራረቡ ነበሩ።

ይህ ዘዴ ጉድለት አለው። የስቶሪ ምስል ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በራሱ ስለሚያልፍ፣ ካሩሰል ላይ ጣቱን የማያንቀሳቅስ ሰው እንኳ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። በተጨማሪም ስቶሪን በብዛት የሚያዩት ነባር ተከታዮች ናቸው። ስለዚህ የት ቦታ እንደሚሰበር ለማወቅ እንጂ፣ ካሩሰሉ ላይ በትክክል ስንት ሰው እንደቀረ ለመናገር አይጠቅምም። ተመልካቹ ከሃምሳ በታች ከሆነም አራት አምስት ሰው መቅረቱ የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

4. ቅደም ተከተሉንና ጽሑፉን መለወጥ። ሰባተኛ ላይ ተደብቆ የነበረውን የአብሲት አሠራር ወደ ሁለተኛ አመጣሁት። ኢንስታግራም መጀመሪያ ሳያንሸራትት ላለፈ ሰው ካሩሰሉን አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ ስለሚያሳየው፣ ሁለተኛው ያለ አንደኛው እርዳታ የሚገባ መሆን አለበት። የጤፍ ዓይነቶችን ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ ስድስተኛ አደረግኋቸው። «የእንጀራ ዓይን ምንነትና መንስኤዎቹ» የሚለውን ርዕስም «ሊጡ ኩፍ ብሎ እንጀራው ዓይን አልወጣ አለ?» በሚል ተካሁት።

5. እንደ አዲስ ማውጣት። በወጣ ፖስት ላይ ምስሉ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ስለማይታረም፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ በአዲስ ፖስት አወጣሁት። ለ3,900 ሰዎች ደርሶ 136 ሴቭና 58 ሼር አገኘ፤ ይህም 3.5 እና 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ርዕሱንና ቅደም ተከተሉን በአንድ ጊዜ በመለወጤ ግን ለሼሩ መጨመር የትኛው ምክንያት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ዙር አንዱን ብቻ እለውጣለሁ።